ሦስት በቀኝ፣ ሁለት በግራ፦ የሳንባ ካርታ እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ የሚጥል በሽታ አለበት። በቅርቡ ጥሎት ራሱን ስቶ ነበር። ከሳምንት በኋላ ትኩሳትና ሳል ጀመረው። የሲቲ ስካን ወረቀቱ «የሳንባ ምች፣ በቀኝ ሳንባ የታችኛው ሎብ ሱፔሪየር ሴግመንት ላይ» ይላል። ሐኪሙ ሎብ ማለት የሳንባ ትልቅ ክፍል ነው፣ የቀኙ ሳንባ ሦስት፣ የግራው ሁለት አለው ብሎ አስረዳን። ለምን እኩል አልሆኑም? ሴግመንትስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ልብ በግራ ስላለ ቦታ ጠበበ» የሚል ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህን ብዬ አልፌያለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ልብ ወደ ግራ ስለሚያደላ የግራው ሳንባ ጠበብ ይላል፤ የፊት ጠርዙም ለልብ ቦታ ለቆ ጎድጎድ ያለ ነው። የሎቦቹን ቁጥር የሚወስነው ግን ይህ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ገና በጽንስነት ነው። በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ሁለቱ የሳንባ እምቡጦች መከፈል ይጀምራሉ። የቀኙ ሦስት ቅርንጫፍ ያወጣል፣ የግራው ሁለት። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በኋላ የአንድ ሎብ አየር ቧንቧ ይሆናል። ይህን የሚያዘው ቀኝና ግራን የሚለየው የዘረመል ትእዛዝ ነው። ማስረጃ ከፈለጉ፣ ሌላው የውስጥ አካላቸው በቦታው ሆኖ ልባቸው ብቻ ወደ ቀኝ ዞሮ የሚወለዱ ሰዎች አሉ። የእነሱም ቀኝ ሳንባ ሦስት፣ ግራው ሁለት ሎብ ነው። የቀኝና የግራው ትእዛዝ ራሱ ሲዛባ ደግሞ ሁለቱም ሳንባዎች ሦስት ሦስት፣ ወይም ሁለት ሁለት ሎብ ይዘው ሊገኙ ይችላሉ።

የግራው ሳንባ አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ግን አይደለም። የቀኙን መካከለኛ ሎብ የሚመስል ክፍል እሱም አለው። ሊንጉላ ይባላል፣ ትንሿ ምላስ እንደማለት ነው። ራሱን ችሎ አልተለየም፣ የላይኛው ሎብ አካል ነው።

አሁን ወደ ሴግመንት እንምጣ። የአየር ቧንቧውን ተገልብጦ እንደቆመ ዛፍ ያስቡት። ግንዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ ለየሎቡ ይከፈላል፤ የሎቡ ቧንቧ ደግሞ እንደገና ይከፈላል። በዚህ በሦስተኛው ደረጃ ያለ አንድ ቧንቧ አየር የሚያደርስበት የሳንባ ክፍል ሴግመንት ነው። ቅርጹ ሾጣጣ ነው፤ ጫፉ ወደ ሳንባው ሥር፣ ሰፊው ወገን ወደ ውጭ። የራሱ የአየር ቧንቧ አለው፣ ከጎኑም የራሱ የደም ወሳጅ ቧንቧ። ደም መላሾቹ ግን በሴግመንቶቹ መካከል፣ ልክ በድንበሩ ላይ ይሄዳሉ። ቀዶ ሐኪም ትንሽ ዕጢ ሲያገኝ ሙሉ ሎብ ሳይቆርጥ አንድ ሴግመንት ብቻ ማውጣት የሚችለው ይህን ድንበር ተከትሎ ነው። በቀኝ 10 ሴግመንት አለ። በግራ አንዳንዶቹ ስለሚጣመሩ ከ8 እስከ 10 ይቆጠራል።

የአባትዎ ወረቀት ትርጉም የሚሰጠውም እዚህ ላይ ነው። ወደ ቀኝ ሳንባ የሚገባው ዋና ቧንቧ ሰፊና አጭር ነው፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ ቁልቁልም ይወርዳል። የግራው እጥፍ ያህል ይረዝማል፣ ወደ ጎንም ያዘነብላል። ስለዚህ ትን ያለ ነገር የሚያዘወትረው ቀኙን ነው። ከታችኛው ሎብ ቧንቧ መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ፣ ወደ ጀርባ የሚገነጠለው ደግሞ የሱፔሪየር ሴግመንት ቧንቧ ነው። ሰው ራሱን ስቶ በጀርባው ሲተኛ ያ አፍ ቁልቁል ይሆናል፣ ምራቅም ሆነ ትውከት ዝም ብሎ ይገባበታል። ቁጭ ብለው ቢሆን ኖሮ ወደ ሎቡ ወለል ይወርድ ነበር። ሐኪሙ ቦታውን አይቶ «ሲጥላቸው በጀርባቸው ነበር የተኙት?» ብሎ ቢጠይቅ አይገረሙ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቦታው ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳም ከላይኛው ሎብ ሌላ ይህንኑ ሴግመንት ይወዳል። የአክታ ምርመራ ካልተደረገላቸው ይጠይቁ። አክታው መሽተት ከጀመረ ወይም ትኩሳቱ በመድኃኒቱ አልበርድ ካለ መግል ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይመለሱ። የሳንባ ምቹ ድኖ እንደገና እዚያው ሴግመንት ላይ ከተነሳ ደግሞ ቧንቧውን የዘጋው ነገር አለ ወይ ተብሎ ብሮንኮስኮፒ በሚባል ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጡ ይታያል። ዛሬ ማታ አፋቸውን በባትሪ ይዩላቸው። ከጣላቸው ቀን ወዲህ የጎደለ ወይም የተሰበረ ጥርስ ካለ ወደ ቧንቧው ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ።