ቮግል በዳሚ አምድ ሲታለል

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሦስት መጋዘንና ሦስት ከተማ ያለበት የትራንስፖርቴሽን ጥያቄ ነው፤ ዋጋው በኩንታል፣ በብር። ሰፕላይ 750፣ ዲማንድ 600 ስለሆነ የ150 ዳሚ ጨምሬ በቮግል ሠራሁት። 31,900 መጣልኝ። መልሱ ግን 27,900 ነው ይላል። ሦስቴ ደገምኩት፣ ያው ነው። ዳሚው ፔናልቲ ሲሰላ ይገባል ወይስ አይገባም? የት ጋ ነው የሳትኩት?

| | አዲስ አበባ | አሰላ | ባቱ | ዳሚ | ሰፕላይ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሱሉልታ | 40 | 75 | 80 | 0 | 200 |
| አዳማ | 65 | 50 | 55 | 0 | 300 |
| ዱከም | 30 | 70 | 65 | 0 | 250 |
| ዲማንድ | 220 | 180 | 200 | 150 | 750 |

መልስ፦ ወንድሜ፣ የትም አልሳትክም። እኔም ወረቀት አውጥቼ ሠራሁት፤ ዳሚውን በዜሮ አስገብተህ ካሰላህ 31,900 ነው የሚመጣው። 27,900 ደግሞ የመጨረሻው ዝቅተኛ ወጪ ነው። ቮግል መነሻ እንጂ መጨረሻ አይሰጥም። ግን ይሄን ብቻ ብዬ ብተውህ ደስ አይለኝም። ቮግል ብዙውን ጊዜ መልሱ ደጃፍ ላይ ነው የሚያደርሰው። አራት ሺህ ብር ያህል መራቁ የጤና አይደለም። ያራቀው ዳሚው ነው።

ፔናልቲ ምን እንደሚለካ አስታውስ። በአንድ ረድፍ ውስጥ ርካሹን ዋጋ ከሁለተኛው ርካሽ ላይ ትቀንሳለህ። «ይቺ ርካሽ ሴል ብታመልጠኝ በኩንታል ስንት እቀጣለሁ?» ማለት ነው። ቅጣቱ ትልቅ የሆነበትን ረድፍ ወይም አምድ ታስቀድማለህ። ጥሩ ዘዴ ነው።

አሁን ዜሮዎቹን አስገባ። በሁሉም ረድፍ ርካሹ ዋጋ ዜሮ ሆነ። ሁለተኛው ርካሽ ደግሞ የረድፉ ርካሽ እውነተኛ መንገድ ነው። ስለዚህ ሱሉልታ 40፣ አዳማ 50፣ ዱከም 30 ይወጣል። እነዚህ ቅጣቶች አይደሉም፤ የየመጋዘኑ ርካሽ መንገድ ዋጋ ናቸው። አምዶቹ ጋ 10፣ 20፣ 10 ነው፤ ዳሚው ጋ ዜሮ። ትልቁ የአዳማ 50 ሆነ። በአዳማ ረድፍ ርካሹ ሴል ዳሚው ነው። 150 ኩንታል አዳማ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

እስቲ ሠንጠረዡን እንደ ጭነት ሠራተኛ እየው። ለአሰላም ለባቱም ከሁሉ ርካሹ አዳማ ነው። ቮግል ገና በመጀመሪያው እርምጃ የዚህን መጋዘን ግማሽ ዕቃ ቆለፈበት! ሱሉልታ ግን 40 የምትለው ዋጋ ስላለቻት ርካሽ መሰለች። ያቺ 40 የአዲስ አበባ ናት፤ አዲስ አበባን ደግሞ ዱከም በ30 ይፈልጋታል። አዲስ አበባ የምትወስደው 220 ብቻ ነው፤ ሁለቱ መጋዘኖች አንድ ላይ 450 አላቸው። አንዱ መውጣቱ የግድ ነው። የወጣው ሱሉልታ ሆነና 30 ኩንታል በ75 ወደ አሰላ፣ 170 ኩንታል በ80 ወደ ባቱ ሄደ። የባቱው ጭነት ብቻውን 13,600 ብር ነው። ከጠቅላላ ወጪህ አርባ በመቶ በላይ!

ይሄን የተማርኩት ክፍል ውስጥ አይደለም። አንድ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የሳምንት ጭነት እመድብ ነበር፤ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል። ምደባውን በኤክሴል፣ በቮግል፣ ዳሚውን በዜሮ እሠራዋለሁ። አንድ ቀን የመጋዘኑ ኃላፊ ደወሉ። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። «አንተ ልጅ፣ እዚህ አፍንጫዬ ሥር ያለ ከተማ ከሌላ መጋዘን ይጫንለታል፣ የኔ ዕቃ አቧራ ይጠጣል። ምን አድርጌህ ነው?» አሉኝ። እኔ ቀመሩን አምኜ ልከራከር ነበር። ማታ ቁጥሩን ዘርግቼ ሳየው ነገሩ ልክ እንዳንተ ነበር፤ ጥሩ መንገድ ያለው መጋዘን ተቆልፎ ሩቁ ይጭናል። በማግስቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ።

ከዚያ ወዲህ ፔናልቲ ሳሰላ ዳሚውን በእጄ እሸፍነዋለሁ። ቀልድ አይደለም፣ ወረቀት ላይ ከሆነ በእውነት በመዳፌ ነው የምሸፍነው። እውነተኛዎቹን ከተሞች ብቻ አያለሁ፤ ዳሚው በመጨረሻ የተረፈውን ይወስዳል። ያንተኑ ጥያቄ እንዲህ እንሥራው።

የረድፍ ፔናልቲ፦ ሱሉልታ 35 (75 ሲቀነስ 40)፣ አዳማ 5፣ ዱከም 35። የአምድ፦ አዲስ አበባ 10፣ አሰላ 20፣ ባቱ 10። ሱሉልታና ዱከም እኩል ወጡ። እኩል ሲሆን ርካሽ ሴል ያለውን አስቀድም፤ ዱከም ወደ አዲስ አበባ በ30፣ 220 ኩንታል። አዲስ አበባ ሞላች፣ ዱከም 30 ቀረው። አሁን ሦስቱም ረድፎች 5፣ 5፣ 5 ናቸው። ትልቁ የአሰላ 20 ነው፤ ከአዳማ በ50፣ 180 ኩንታል ውሰድ። አዳማ 120 ቀረው። የቀረችው ባቱ ብቻ ናት፤ ከርካሹ ጀምረህ ሙላት፦ ከአዳማ 120 በ55፣ ከዱከም 30 በ65፣ ከሱሉልታ 50 በ80። ሱሉልታ ላይ 150 ተረፈ፤ እሱ ነው ዳሚው።

ደምረው። 6,600 ሲደመር 9,000፣ ሲደመር 6,600፣ ሲደመር 1,950፣ ሲደመር 4,000። 28,150 ብር። በአንድ ለውጥ ብቻ 3,750 ብር ወረደ።

ግን እኩል የወጡበትን ቦታ ቀላል አድርገህ እንዳታየው። ዱከምን ትተህ ሱሉልታን ብታስቀድም መጨረሻህ 29,400 ነበር። ጊዜ ካለህ ሁለቱንም ሞክር።

28,150ም ገና የመጨረሻው አይደለም። ሞዲ ስትሠራ አንድ ሴል ብቻ ኔጌቲቭ ይወጣል፤ ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ፣ −5። ስለዚህ ሱሉልታ 50 ኩንታል ወደ አዲስ አበባ ትላክ፤ ዱከም እዚያ 50 ቀንሶ ወደ ባቱ ይላክ፤ ሱሉልታ ከባቱ ትውጣ። ቁጥሩን ባታምን እንኳ በእጅህ ቁጠረው፦ 40 ጨመርክ፣ 30 ቀነስክ፣ 65 ጨመርክ፣ 80 ቀነስክ። በኩንታል 5 ብር ተረፈ፤ በ50 ሲባዛ 250። ይኸው 27,900። ዳግመኛ ስትፈትሽ ኔጌቲቭ አይገኝም።

መምህርህ ዳሚውን በዜሮ አስገብተህ ፔናልቲ እንድታሰላ ከሆነ ያስተማረህ፣ ፈተና ላይ እንደሱ ሥራ። ብዙ ማስተማሪያዎች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ስህተትም አይባልም፣ መነሻው ይርቃል እንጂ። ከ31,900 ተነስተህ በሞዲ ስትወርድ ሦስት ዙር ይፈጅብሃል፦ 31,150፣ ከዚያ 28,150፣ ከዚያ 27,900። ጉዳቱ ጊዜህ ላይ ነው። ችግር የሚመጣው ሞዲ ሳይሠሩ ቮግል ላይ ሲያቆሙ ነው፤ እኔ ኤክሴሌ ላይ እንዳቆምኩት።

ሌላም መንገድ አለ። ራይንፌልድና ቮግል ዘዴውን ካወጡት ከ1958 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ብዙ ሰው ሊያሻሽለው ሞክሯል። ጎያል የተባለ ተመራማሪ በ1984 ያቀረበው ቀላል ነው፦ ዳሚው ላይ በዜሮ ፋንታ የሠንጠረዡን ትልቁን ዋጋ ጻፍ። ያንተ ላይ 80 ነው። ሞክሬዋለሁ፤ እዚያው 28,150 ላይ ያደርሳል። «ዋጋውን ዝም ብሎ መቀየር ይቻላል እንዴ?» ካልክ፣ ይቻላል። ዕቃው የትም ይቀመጥ የት፣ ዳሚው ውስጥ የሚገባው ሁልጊዜ 150 ነው። ሁሉም ዕቅድ ላይ እኩል 12,000 ብር ይጨመራል፤ የማን ዕቅድ ከማን እንደሚበልጥ አይለወጥም። መጨረሻ ላይ ዜሮውን መመለስ ብቻ አትርሳ። አንድ ጓደኛዬ ረስቶ 12,000ውን ከነወጪው አስረክቧል።

ሞዲ ከመጀመርህ በፊት የተያዙ ሴሎችን ስትቆጥር ዳሚውንም ቁጠር። ሦስት ረድፍ፣ አራት አምድ፣ ሲቀነስ አንድ፤ ስድስት መሆን አለበት። ዳሚው «የውሸት ነው» ብለው ሳይቆጥሩት አምስት አገኘን፣ ዲጀነሬት ነው የሚሉ ብዙ አይቻለሁ።

የመጨረሻ ነገር፣ ለፈተና ሳይሆን ለሥራ። ዳሚ ላይ ዜሮ ስትጽፍ «ዕቃ መጋዘን ውስጥ ማሳደር ምንም አያስወጣም፣ ወይም የትም እኩል ነው» እያልክ ነው። ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። አንዱ መጋዘን የራስ ነው፣ ሌላው የኪራይ፤ አንዱ ጋ ዝናብ ይገባል። ያንተን መልስ እይ፦ 150ው ሱሉልታ ያድራል። በሱ ፋንታ ዱከም ይደር ብትል፣ ለአዲስ አበባ ዱከም የሚጭነውን ሱሉልታ ትጭናለች፤ በ30 ፋንታ በ40። በኩንታል 10 ብር ትከፍላለህ። እንግዲህ ሱሉልታ ማሳደር ዱከም ከማሳደር በኩንታል ከ10 ብር በላይ የሚበልጥ ከሆነ 27,900ው ትክክለኛ ዕቅድ አይደለም። ዳሚው አምድ ላይ የማሳደሪያውን ዋጋ ጻፍና እንደገና ሥራው። ያን ጊዜ ዳሚው እውነተኛ ዋጋ ስለያዘ፣ መዳፍህን አንስተህ ፔናልቲው ውስጥ ብታስገባውም ትርጉም አለው።