«ኮሞርቢዲቲ» ተጽፎ ቀዶ ሕክምናው ለምን ተራዘመ?

ጥያቄ፦ የ62 ዓመት እናቴ የሐሞት ከረጢት ጠጠር ተገኝቶባት ለቀዶ ሕክምና ተቀጥራ ነበር። ቀጠሮው ተራዘመና በተሰጠን ወረቀት ላይ «ኮሞርቢዲቲ» የሚል ቃል አየሁ። ከሥሩ ስኳርና ደም ግፊት ተጽፏል፤ የሦስት ወር ስኳር 9.8፣ ክሬቲኒን 1.7 ይላል። የደበቁን ሌላ በሽታ ይኖር ይሆን? ሜትፎርሚን 1000 ጠዋትና ማታ፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች። ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ እንገዛላታለን። ወገቧን ስለማያማት ኩላሊቷ ደህና ነው።

መልስ፦ የተደበቀባችሁ ነገር አይታየኝም። በጻፉልኝ ውስጥ ካንሰርን የሚያመለክት አንድም ነገር የለም። ኮሞርቢዲቲ ሐኪሙ ሊያክመው ከተነሣው ሕመም ጋር አብረው ያሉ ሌሎች ሕመሞች የሚመዘገቡበት ርዕስ ነው። የእናትዎ ዋና ጉዳይ ጠጠሩ ነው፤ ስኳሩና ግፊቱ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው መቼና እንዴት እንደሚሠራ ይወስናሉ።

የተራዘመውም ለዚህ ይመስለኛል። 9.8 ማለት ባለፉት ሦስት ወራት ስኳራቸው በአብዛኛው ከፍ ብሎ ቆይቷል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ስኳር ላይ የተቀደደ ቁስል ቶሎ ያመረቅዛል፤ ለመዳንም ይዘገያል። ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ወደ 8 አካባቢ እስኪወርድ መጠበቅን ይመርጣሉ። ትኩሳትና የማያቋርጥ ሕመም የሌለው ጠጠር ጥቂት ሳምንታት ይታገሣል። እስከዚህ ድረስ አይጨነቁ።

ያስጨነቀኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ነው። ኩላሊት ሲደክም ወገብ አያምም! የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻና የአከርካሪ ጣጣ ነው። ስኳርና ግፊት ኩላሊትን የሚጎዱት ድምፅ ሳያሰሙ ነው፤ ከግማሽ በላይ አቅሙን አጥቶም ሰውየው ይበላል፣ ይሠራል፣ በሰላም ይተኛል። ሽንት ሲያንስ፣ ፊትና እግር ሲያብጥ፣ ማቅለሽለሽ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ገፍቷል። «ወገቤ ደህና ነው» እያሉ ቆይተው ለእጥበት የሚመጡ በሽተኞችን ማየት ሰልችቶኛል። ኩላሊት የሚታወቀው በደምና በሽንት ምርመራ ነው። የእናትዎ ምርመራ ደግሞ ተናግሯል፦ ክሬቲኒን ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ ነው፤ በ62 ዓመት ሴት ላይ 1.7 ሲሆን የኩላሊቱ የማጣራት አቅም ወደ 34 ገደማ ይሆናል፤ ጤናማው ከ90 በላይ ነው።

አሁን ዲክሎፌናኩን ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር እንየው። ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባው ቀጭን የደም ሥር ዲክሎፌናክ ሲወሰድ ይጠብባል። ኢናላፕሪል የመውጫውን ሥር ያሰፋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት እያስወጣ በሰውነት ያለውን ፈሳሽ ይቀንሳል። ሦስቱ ሲገናኙ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ ደሙ ሳይጣራ ያልፋል። ትንሽ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረበት ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሊቆም ይችላል። በዚያ ላይ ዲክሎፌናክ ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ የሐሞት ከረጢት ሲያመረቅዝም ሕመሙንና ትኩሳቱን ይሸፍናል።

ስለዚህ ዲክሎፌናኩ ዛሬውኑ ይቁም። ነገ አላልኩም። አይቡፕሮፌንም ያው ነው፤ «መርፌው ይሻላል» የሚሉትም ያው መድኃኒት ነው። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ፍሬ፣ በቀን ከሦስት ጊዜ ሳይበልጥ መውሰድ ይችላሉ፤ የጉበት ሕመም ካለባቸው ግን አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ። ኢናላፕሪሉን በራሳችሁ እንዳታቆሙት፤ በአግባቡ ከተወሰደ ኩላሊታቸውን የሚጠብቅ መድኃኒት ነው።

ሜትፎርሚኑም መታየት አለበት። የማጣራት አቅም ከ45 በታች ሲወርድ መጠኑ በአብዛኛው በግማሽ ይቀነሳል፣ ከ30 በታች ሲሆን ይቆማል። በእናትዎ ቁጥር በቀን ከ1000 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ሲቀነስ ደግሞ ስኳሩ እንዳይሸሽ በሌላ መድኃኒት ወይም በኢንሱሊን መደገፍ ይኖርበታል። ለዚህ የሁለት ወር ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚህ ሳምንት ስኳራቸውን ወደሚከታተለው ሐኪም ይውሰዷቸው። የሚወስዱትን ሁሉ፣ ከፋርማሲ የገዛችሁትንም ጭምር፣ ከነእሽጉ ይያዙ። ዲክሎፌናኩ ከቆመ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ክሬቲኒኑ ይደገም። ወደ ታች ከተመለሰ ጉዳቱ በከፊል የመድኃኒቱ ነበር ማለት ነው፤ በተደጋጋሚ እንዲህ አይቼ ደስ ብሎኛል።

ለቀዶ ሕክምናው ቀን ሲደርሱ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ከመድኃኒቶቹ የትኛው ጠዋት እንደሚዘለል ይነግራችኋል፤ ሜትፎርሚን ብዙውን ጊዜ በዚያ ጠዋት አይወሰድም። በመካከሉ ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ወይም በቀኝ ጎድን አጥንት ሥር ለሰዓታት የማይለቅ ሕመም ቢመጣ የቀጠሮውን ቀን ይርሱት፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።