ረጅም የትምህርት ቀረጻ ዲስክ እንዳይሞላ ከመቅረጽ በፊት የሚስተካከለው

ጥያቄ፦ «የ12ኛ ክፍል ሒሳብ በስላይድና በዲጂታል ብዕር እያስረዳሁ በኦቢኤስ ስቱዲዮ እቀርጻለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ትምህርት 27 ጊጋባይት ይሆንብኛል። ቢትሬቱ 40000 ላይ ነው፣ Rate Control ላይ CBR ይላል። ከmkv ወደ mp4 ቀይሬ ሞከርኩ፣ መጠኑ አልቀነሰም። ተማሪዎቼ በቴሌግራም ነው የሚያወርዱት። ከመቅረጼ በፊት ምን ላስተካክል?»

መምህር፣ 27 ጊጋባይቱን ያመጣው 40000 የሚለው ቁጥር ነው። ቢትሬት ማለት በእያንዳንዱ ሰከንድ ወደ ፋይሉ የሚገባው የመረጃ መጠን ነው። 40000 ኪሎቢት በ5400 ሰከንድ ሲባዛ 216 ሚሊዮን ኪሎቢት ይሆናል፤ ይህ ለ8 ሲካፈል 27 ጊጋባይት ይመጣል። የእርስዎ ፋይል በትክክል ያረፈው እዚያው ላይ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ ደግሞ mkv ወይም mp4 የሚገባበት ቦታ የለም። ሁለቱም ኮንቴይነሮች ናቸው፤ አስቀድሞ የተጨመቀውን ምስልና ድምፅ አንድ ላይ ይይዛሉ እንጂ ራሳቸው አይጨምቁም። ጤፍ ከአንድ ጆንያ ወደ ሌላ ጆንያ ቢገለበጥ ክብደቱ እንደማይቀንስ ማለት ነው። መጠኑን የሚወስነው ምስሉን የሚጨምቀው ኮዴክና ለእሱ የተሰጠው ትእዛዝ ነው።

ትልቁ ትርፍ ያለው CBR የሚለውን በመቀየር ላይ ስለሆነ እሱን አስፍቼ ላስረዳ። CBR የተሠራው ለቀጥታ ስርጭት ነው። ስርጭት ሲሆን መስመሩ ወጥ የሆነ ፍሰት ስለሚፈልግ ኮዴኩ በየሰከንዱ እኩል መጠን እንዲልክ ይገደዳል። የእርስዎ ትምህርት ግን አንድ ስላይድ ለአምስት ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ የሚቆይበት፣ ብዕሩም ትንሽ መስመር ብቻ የሚጨምርበት ነው። እንዲህ ያለውን ምስል ለመጻፍ የሚያስፈልገው መረጃ በጣም ጥቂት ነው። ሆኖም በx264 ላይ CBR ሲመረጥ ኦቢኤስ ጉድለቱን በባዶ መረጃ እየሞላ 40000 ያደርሰዋል። ስለዚህ ከዚያ 27 ጊጋባይት ውስጥ እጅግ ብዙው ማንም የማያየው መሙያ ነው። ጥራት አይጨምርም፣ ዲስክ ብቻ ይበላል።

ለቀረጻ የሚሆነው CRF ነው። በCRF ለኮዴኩ የሚነገረው የጥራት ደረጃ ነው፤ መጠኑን በየቅጽበቱ እሱ ይወስናል። ስላይዱ ሲቆም ወደ ዜሮ የተጠጋ መረጃ ይጽፋል፤ ገጽ ሲቀየር ወይም ቪዲዮ ሲከፈት የሚያስፈልገውን ይወስዳል። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራትም መጠንም ይጨምራል፣ ሲበዛ ሁለቱም ይቀንሳሉ። በግምት 6 ሲጨመር መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። ለስላይድና ለጽሑፍ እኔ የምጀምረው ከ23 ነው። ከ28 ካለፈ የትንንሽ ፊደላትና የአርቢ ቁጥሮች ጠርዝ መደብዘዝ ስለሚጀምር፣ ለሒሳብ ትምህርት ወደዚያ መሄድን አልመክርም። x² የሚለውን ተማሪው x³ ብሎ ካነበበው የፋይሉ ማነስ ምንም አይጠቅመውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። Settings ውስጥ Output ይክፈቱ፤ ከላይ ያለውን Output Mode ወደ Advanced ይቀይሩና Recording ወደሚለው ትር ይሂዱ። Video Encoder ላይ ስርጭቱ የሚጠቀምበትን የሚል ምርጫ ካለ ያንን ትተው x264 ይምረጡ፤ አለበለዚያ የቀሩት ማስተካከያዎች አይታዩም። ቀጥሎ Rate Control ላይ CRF፣ ከሥሩ 23 ይጻፉ። Keyframe Interval ላይ 10 ያድርጉ። ኪፍሬም ሙሉ ምስል የሚቀመጥበት ነጥብ ነው፤ በመካከል ያሉት ፍሬሞች የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባሉ። ለስርጭት እንደተለመደው በየ2 ሰከንዱ ከሆነ ያው ያልተነካ ስላይድ በደቂቃ 30 ጊዜ እንደ አዲስ ይጻፋል። በየ10 ሰከንዱ ከሆነ ግን በደቂቃ 6 ጊዜ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በላይ ግን አልሄድም፤ ኪፍሬሞቹ በጣም ሲራራቁ ተማሪው ቪዲዮውን ወደ ፊት ሲገፋው የሚፈልገው ቦታ ላይ አያርፍለትም፣ ወይም ለመነሳት ይዘገያል።

CPU Usage Preset የሚለው ኮዴኩ ለመጭመቅ ምን ያህል እንዲደክም የሚነግር ነው። veryfast ላይ ካለ ለጊዜው ይተዉት። ኮምፒውተርዎ ጉልበት ካለው faster ወይም fast ያድርጉና View ውስጥ ያለውን Stats ከፍተው ለጥቂት ደቂቃ ይቅረጹ። በዚያ መስኮት Skipped frames due to encoding lag የሚለው ቁጥር ከዜሮ መነሳት ከጀመረ ማሽኑ አልቻለም ማለት ነው፤ ወደ veryfast ይመለሱ። የጠፉ ፍሬሞች በኋላ በምንም መንገድ አይመለሱም።

ከዚያ Video የሚለው ክፍል ውስጥ የፍሬሙን ብዛት ይመልከቱ። ለስላይድና ለብዕር 60 ፍሬም በሰከንድ አያስፈልግም፤ 30 በቂ ነው፣ 15 እንኳ ብዙ ጊዜ ይሠራል። መጠኑ ግን በግማሽ ይወርዳል ብለው አይጠብቁ፤ ያልተለወጠ ፍሬም መጀመሪያውኑ ርካሽ ነው። ዋናው ጥቅም ማሽኑን ማሳረፉ ነው። የምስሉን ስፋት በተመለከተ ደግሞ Base እና Output የሚሉት ሁለቱም ከራስዎ ስክሪን ጋር እኩል ይሁኑ። 1366 በ768 የሆነ ላፕቶፕ በ1920 በ1080 ሲቀረጽ አዲስ ዝርዝር አይገኝም፤ ጽሑፉ ተለጥጦ ይደበዝዛል፣ ፋይሉም ይተልቃል። ማሳነስም ጽሑፍን ያበላሻል። ስለዚህ መቀነስ ካለብዎ መጀመሪያ ፍሬሙን ይቀንሱ፣ ስፋቱን በመጨረሻ ይንኩ።

አሁን ወደ ኮንቴይነሩ ልመለስ፤ መጠን ባይቀንስም ምርጫው ሌላ ትልቅ ጣጣ አለው። ተራ mp4 ፋይሉን ለማጫወት የሚያስፈልገውን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው ሲዘጋ ነው። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ ከቆመ ማውጫው ሳይጻፍ ይቀራል፤ ፋይሉ ዲስኩ ላይ ብዙ ቦታ ይዞ ይታያል እንጂ አይከፈትም። የአንድ ባልደረባዬ የሁለት ሰዓት ማጠቃለያ ትምህርት የጠፋው በዚህ ነው። mkv ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ያለውን ያጫውታል። ስለዚህ በmkv ይቅረጹና ሲጨርሱ File ውስጥ ባለው Remux Recordings ወደ mp4 ያዛውሩ። ዳግም መጭመቅ ስለሌለበት ጊዜ አይወስድም፣ ጥራትም አይነካም። Settings ውስጥ Advanced በሚለው ክፍል ይህን በራሱ እንዲያደርግ የሚያዝዝ ምልክት አለ። ከ30.2 ጀምሮ ያሉት የኦቢኤስ እትሞች Hybrid MP4 የሚባል ምርጫም አላቸው፤ እሱም መቋረጥን ይቋቋማል። መብራት በየጊዜው በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚያስተምር ሰው በተራ mp4 መቅረጽን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ሌሎች ሰዎች ኤችኢቪሲ ወይም ኤቪ1 የተባሉትን አዳዲስ ኮዴኮች ተጠቀሙ ሊሉዎት ይችላሉ። በእርግጥ በተመሳሳይ ጥራት x264 ከሚያወጣው ኤች 264 ያነሰ ፋይል ይሰጣሉ። የእርስዎ ተመልካች ግን የቤተሰቡን አሮጌ ስልክ ተውሶ የሚያይ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ስልክ ላይ ምስሉ ሊንተባተብ ወይም ድምፅ ብቻ ሊሰማ ይችላል። ኤች 264 ግን በየትኛውም ስልክ ላይ ይከፈታል ለማለት ይቻላል። ለተማሪ በሚላክ ነገር ላይ እኔ ሁልጊዜ እሱን እመርጣለሁ። በግራፊክስ ካርድ የሚሠሩት እንደ NVENC ያሉ ኢንኮደሮችም ፕሮሰሰሩን ያሳርፋሉ፤ በተለይ በቆዩ ካርዶች ላይ ግን ለተመሳሳይ ጥራት ከx264 የሚበልጥ ፋይል ሊሰጡ ይችላሉ። ላፕቶፕዎ x264ን መሸከም ካቃተው ብቻ ይሂዱባቸው።

ድምፁን ችላ አይበሉት። ምስሉ 40000 በነበረበት ጊዜ ድምፁ ከቁጥር የማይገባ ነበር፤ ምስሉ ሲቀንስ ግን ድርሻው ጎልቶ ይወጣል። 160 ኪሎቢት ድምፅ ለአንድ ሰዓት ተኩል 108 ሜጋባይት ይወስዳል። ለአንድ ሰው ንግግር 96 በቂ ነው፤ 65 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። Recording ትር ላይ Audio Track ከሚሉት ሳጥኖች አንዱ ብቻ ምልክት እንዳለበት ያረጋግጡ፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ምልክት ሌላ ሙሉ የድምፅ ቅጂ ይጨምራል።

ሁሉን ካስተካከሉ በኋላ ሙሉ ትምህርት ከመቅረጽዎ በፊት የ2 ደቂቃ ሙከራ ያድርጉ። ቀላሉን ክፍል አይምረጡ፤ ስላይድ የሚቀያየርበትን፣ ብዕር በፍጥነት የሚጻፍበትን ቦታ ይቅረጹ። የፋይሉን መጠን በ45 ሲያባዙ የ90 ደቂቃውን ግምት ያገኛሉ። ለምሳሌ 14 ሜጋባይት ቢወጣ ሙሉው 630 ሜጋባይት ይሆናል። የስላይድና የብዕር ቀረጻዎቼ ያለ ካሜራ ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ በዚህ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው የሚያርፉት። የፕሪሚየም ክፍያ ለማይከፍል ሰው ቴሌግራም ለአንድ ፋይል የሚፈቅደው 2 ጊጋባይት ስለሆነ ሰፊ ቦታ ይተርፍዎታል። ሙከራውን ግን በስልክ ስክሪን ላይም ይመልከቱት፤ ትንሿ አርቢ ቁጥር በግልጽ ከተነበበች CRF ወደ 25 ከፍ አድርገው እንደገና ይሞክሩ። ካልተነበበች ወደ 21 ያውርዱት።

ሙከራው ከጠበቁት በብዙ እጥፍ ቢበልጥ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጥግ ላይ የተቀመጠውን የፊት ካሜራ ነው። ክፍሉ ጨለም ሲል ካሜራው ምስሉ ላይ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ይጨምራል። ነጠብጣቡ በየፍሬሙ ስለሚለዋወጥ ለኮዴኩ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠራል፣ ዋናውን ስላይድ ሊያስንቅ የሚችል መረጃ ይበላል። ለማወቅ ካሜራውን ደብቀው ሌላ 2 ደቂቃ ይቅረጹና መጠኖቹን ያወዳድሩ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ፊትዎ ላይ መብራት ያብሩ፣ ወይም ካሜራውን ለመግቢያው ብቻ ይጠቀሙበት።

አስቀድመው የተቀረጹት የ27 ጊጋባይት ፋይሎችም አይጣሉም። አብዛኛው ይዘታቸው መሙያ ስለሆነ ዳግም ሲጨመቁ በደንብ ይቀንሳሉ። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ይጫኑና ፋይሉ ባለበት ማህደር ውስጥ የትእዛዝ መስኮት ከፍተው፣ በmath01 ፈንታ የራስዎን ፋይል ስም አስገብተው ይህን ይጻፉ፦

```
ffmpeg -i math01.mkv -c:v libx264 -crf 23 -preset slow -c:a aac -b:a 96k math01.mp4
```

slow ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፣ ማታ ሲተኙ ቢያስጀምሩት ይሻላል። አዲሱን ፋይል መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ ከፍተው ድምፁና ምስሉ አብረው መሄዳቸውን ሳያረጋግጡ አሮጌውን አይሰርዙ።