«መቋቋም» ወይስ «መከላከል»? በ33 እና በ170 መካከል የጠፋው ቃል

ጥያቄ፦ «በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ለሠልጣኞቻችን በተዘጋጀው የአማርኛ ጽሑፍ ላይ፣ በ33 ኪሎ ቮልት ለሚሠራ ትራንስፎርመር ‹መሠረታዊ የመከላከያ ደረጃ፦ 170 ኪሎ ቮልት› ይላል። ተማሪዎቼ ‹መሠረታዊው 170 ከሆነ 33ቱ ምኑ ነው?› እያሉ ያፋጥጡኛል። ትርጉሙ ትክክል ነው ወይ? ‹የኢንሱሌሽን ማስተባበር› የሚለውስ ያስኬዳል?»

መልስ፦ ተማሪዎችዎ ልክ ናቸው፤ ያሳሳታቸው አማርኛው ነው። ቁጥሮቹ ግን ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከመመለሴ በፊት አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ወዳጄን አስቸግሬ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳኝ። ስንጨርስ ከሁሉ የከፋው ስሕተት እኔ የጠረጠርኩት ቃል ሳይሆን ሌላው ሆኖ ተገኘ።

እኔ የጠረጠርኩት «መሠረታዊ»ን ነው። በአማርኛ «መሠረታዊ ፍላጎት» ስንል ቢያንስ የግድ መሟላት ያለበትን፣ የዕለት ተዕለቱን ማለታችን ነው። ስለዚህ «መሠረታዊ 170» የሚል ያነበበ ተማሪ፣ ትራንስፎርመሩ ዘወትር 170 ኪሎ ቮልት ተሸክሞ የሚውል ይመስለዋል። ቃሉ የገባው ከአሜሪካኖች ነው። በ1941 (እ.ኤ.አ.) የመሐንዲሶቹ፣ የኃይል ድርጅቶቹና የአምራቾቹ ማኅበራት በጋራ ኮሚቴ ተቀምጠው፣ ለእያንዳንዱ የቮልቴጅ መደብ አንድ የጋራ መለኪያ ሲቆርጡ «ቤዚክ ኢምፐልስ ኢንሱሌሽን ሌቭል»፣ በአጭሩ «ቢ አይ ኤል» ብለው ሰየሙት። «ቤዚክ» ያሉትም ሌላው ዕቃ ሁሉ ከእሱ ተነሥቶ ይለካል ለማለት ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ዛሬ ይህን ቅጽል ትቶ፣ የመብረቅ ምት ሲመጣ ዕቃው ሳይበላሽ የሚቋቋመው ቮልቴጅ በሚል ይገልጸዋል። እኛም ብንተወው የሚጎድልብን ነገር የለም።

ከፋ ያልኩት «መከላከያ» የሚለው ነው። «ተከላከለ» ማለት የሚመጣውን ነገር እንዳይደርስ አገደ፣ መለሰ ነው፤ የእግር ኳሱ ተከላካይ ኳሷን ወደ በረኛው ሳትደርስ ይመልሳታል። «ተቋቋመ» ግን ከ«ቆመ» የመጣ ነው፦ ደርሶበትም፣ አርፎበትም ሳይወድቅ ቆመ። ትራንስፎርመር ምንም አይመልስም። የሚመጣበትን ይቀበላል፤ ወይ ይቆማል፣ ወይ ይቃጠላል። የሚመልሰው ከአጠገቡ የተሰቀለው አሬስተር ነው፤ የቮልቴጁን ትርፍ ወደ ምድር ያወርዳል። ስለዚህ «የመከላከያ ደረጃ» የአሬስተሩ ቁጥር ነው፣ «የመቋቋም ደረጃ» ደግሞ የትራንስፎርመሩ። ሁለቱ በሙያው የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም የሥራው ሁሉ ፍሬ ነገር ነው። ጽሑፋችሁ የአንዱን ስም ለሌላው ሰጥቶታል።

አሁን ወደ ተማሪዎችዎ ጥያቄ። 33 ኪሎ ቮልት የሚባለው በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለው ነው። አንዱ ሽቦ ከምድር ጋር ሲለካ 19 ኪሎ ቮልት ገደማ ነው፤ ማዕበሉ ከፍ ባለበት ቅጽበት ደግሞ፦

33 × 1.414 ÷ 1.732 ≈ 27

በጤናማ ቀን የትራንስፎርመሩ ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሽቦውን ከብረት ጋኑ የሚለየው ዘይትና ወረቀት፣ የሚሸከመው ይህን 27 ኪሎ ቮልት ነው። 170ው ከዚህ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። ብክነት ነው እንዳይባል፣ ሁለቱ ቁጥሮች የሚቆዩት እኩል ጊዜ አይደለም። 27ቱ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ እየተመላለሰ ለዓመታት ይኖራል። 170ው በፋብሪካ ሲፈተን በ1.2 ማይክሮ ሰከንድ ጫፍ ላይ ይደርስና በ50 ማይክሮ ሰከንድ ወደ ግማሹ ይወርዳል። የዘወትሩ ኤሌክትሪክ አንድ ዙር ብቻ ለመጨረስ 20,000 ማይክሮ ሰከንድ ይፈልጋል። ዘይትና ወረቀት ለቅጽበት የሚችሉትን ለረጅም ጊዜ አይችሉትም። የዚሁ ትራንስፎርመር የአንድ ደቂቃ ፈተና 70 ኪሎ ቮልት ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው። ሰው ለአንድ እርምጃ የሚያነሣውን ኩንታል ይዞ አይከርምም።

እዚህ ላይ «ኢምፐልስ»ን «ግፊት» ብለው የተረጎሙ ጽሑፎች አይቻለሁ። አልወደድኩትም። ግፊት በእኛ ጆሮ የሚቆይ፣ የሚጫን ነገር ነው፤ የደም ግፊትን ያስቧል። ቅጽበታዊውን ነገር የሚይዘው «ምት» ነው፤ የልብ ምት፣ የከበሮ ምት እንደምንለው። መብረቅም «መታ» እንጂ «ገፋ» አይባልም።

170ው መብረቁን ራሱን ለመቋቋም የተመደበ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ወዳጄ ሳቀብኝ። መብረቅ ሽቦውን በቀጥታ ሲመታ፣ መጠነኛ የሆነ 10 ኪሎ አምፔር ቢያወርድ፣ ኩሬንቱ በሽቦው ግራና ቀኝ ለሁለት ይከፈላል። ሽቦው ለእንዲህ ያለ ፈጣን ሞገድ የሚያሳየው እምቢታ 400 ኦም ገደማ ስለሆነ፣ አምስት ኪሎ አምፔር በ400 ሲባዛ 2,000 ኪሎ ቮልት ይሆናል። ይህን የሚቋቋም የ33 ኪሎ ቮልት ትራንስፎርመር ማንም አይሠራም፤ ቢሠራም ቤት ያክላል። ስለዚህ ነገሩ የሚጀመረው ከሌላኛው ጫፍ ነው፦ አሬስተሩ ምን ያህል ያሳልፋል? ለዚህ መስመር የሚሆን አሬስተር 10 ኪሎ አምፔር ሲያልፍበት በሁለት ጫፎቹ መካከል በግምት 100 ኪሎ ቮልት ይቀራል እንበል። ትራንስፎርመሩ የሚያየው ያን ቀሪውን ነው። 170ው የተቆረጠው ይህን ቀሪና በመንገድ የሚጨመርበትን ችሎ ትርፍ እንዲኖረው ነው።

«ኢንሱሌሽን ማስተባበር» የሚባለውም ይኸው ነው፦ የትኛው በየትኛው ቁጥር እንደሚሸነፍ አስቀድሞ መወሰን። መሸነፍ ያለበት አለ። ሽቦውን ምሰሶው ላይ በያዘው ሲኒ ላይ ብልጭታ ቢዘል፣ መስመሩ ለአፍታ ይቋረጥና አየሩ ተመልሶ ይድናል። የትራንስፎርመሩ ወረቀት ከተበሳ ግን አይሽርም። ስለዚህ ቀድሞ የሚሸነፈው የሚያገግመው መሆን አለበት። «ማስተባበር» የሰው ሥራ ይሸታል፤ ስብሰባና ውሎ አበል ይመጣብኛል። «ቅንጅት»ም ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ነገር ያስታውሳል። እኔ የምመርጠው «ማናበብ»ን ነው። «ነበበ» በግእዝ ተናገረ ማለት ነው፤ ዛሬ ደግሞ «ተናብበው ይሠራሉ» ስንል አንዱ የሌላውን አውቆ ማለታችን ነው። ቁጥሮቹም አንዱ ሌላውን ሳያውቅ መመረጥ የለባቸውም። «ኢንሱሌሽን»ን ግን እንዳለ ተዉት፤ «ማገጃ» ብዬ ሞክሬ ኬላ መሰለብኝ።

ቁጥሮቹ ካልተናበቡ ምን እንደሚሆን ወዳጄ በአንድ ምሳሌ አሳየኝ። ለተማሪዎችዎ እሱን ቢያቀርቡላቸው ከእኔ ሰዋስው ይሻላቸዋል። አሬስተሩ ምሰሶው አናት ላይ ነው፣ ትራንስፎርመሩ ዝቅ ብሎ። አሬስተሩን የሚያገናኘው ሽቦ፣ ከላይ የሚገባውና ወደ ጋኑ የሚወርደው አንድ ላይ፣ ሦስት ሜትር ነው። ኩሬንቱ በየማይክሮ ሰከንዱ 10 ኪሎ አምፔር እየጨመረ ከመጣ፣ እያንዳንዱ ሜትር ሽቦ 10 ኪሎ ቮልት ያህል ይጨምራል። 100 ላይ 30 ሲታከል 130 ነው። ከ170 አንጻር አሁንም ትርፍ አለ፤ በሙያው ለውስጥ ኢንሱሌሽን ቢያንስ 15 በመቶ ይጠበቃል፣ እዚህ 30 በመቶ ገደማ ቀርቷል።

አሁን ሠራተኛው የአሬስተሩን የምድር ገመድ ከጋኑ ጋር ሳያገናኝ፣ ለብቻው ወደ ሌላ የምድር ዘንግ አወረደው እንበል። የዘንጉ እምቢታ 10 ኦም ነው፤ መጥፎ የሚባል አይደለም። 10 ኪሎ አምፔር በ10 ኦም ሲባዛ 100 ኪሎ ቮልት ነው። ይህም በቀሪው ላይ ይደመራል፤ ጋኑ ከራሱ ምድር ጋር ዝቅ ብሎ ስለቆየ፣ ውስጡ በተጠቀለለው ሽቦና በጋኑ መካከል 230 ይሆናል። አሬስተሩ ሥራውን ሠርቷል፣ ትራንስፎርመሩም ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ልክ ደህና ዕቃ ነው፤ ግን ተቃጠለ። ሁለቱ ገመዶች ጋኑ ላይ ቢገናኙ ኖሮ ጋኑም አብሮ ከፍ ይል ነበርና ያ 100 ከስሌቱ ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለውን «አሬስተር እያለ ተቃጠለ» የሚባል ሪፖርት ወዳጄ ደጋግሞ አይቷል። መጀመሪያ የሚያየውም የምድር ገመዱ የት እንደታሰረ ነው።

ጉዳቱ ሁልጊዜ ወደ ጋኑ አይወጣም። ፈጣን ምት በሽቦው ጥቅል ላይ እኩል አይከፋፈልም፤ ወደ መስመሩ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከድርሻቸው በላይ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ሽቦ ከሽቦ ጋር በዚያ ይጋጠማል። እንዲህ የሆነ ትራንስፎርመር ኢንሱሌሽን በሚለካው መሣሪያ፣ በሜገር ሲለካ ጤነኛ መስሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ሜገሩ የሚጠይቀው ከጋኑ ጋር መነካካቱን ነውና። ፊውዙ በተተካ ቁጥር ከተቃጠለ የሁለቱን ጥቅሎች የዙር ንጽጽር መለካት ነው፤ ከሰሌዳው ከግማሽ በመቶ በላይ ከራቀ ዙሮች ተጋጥመዋል ማለት ነው።

«ደረጃ»ን በተመለከተ አትንኩት። 95፣ 125፣ 170፣ 250 እያሉ የሚወጡ እርከኖች ናቸውና እውነትም ደረጃ ነው፤ በ95 እና በ125 መካከል ቆሞ 103 ብሎ ማዘዝ የለም። አንድ ነገር ግን ለአገራችን ይጨመር። የውጭው አየር ልኬት የተቆረጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ በየ100 ሜትሩ የአየር ርቀቱ 1 በመቶ ይጨመርለታል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ለሆነችው አዲስ አበባ 13 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ጋኑ ውስጥ ያለው ዘይት ከፍታውን አያውቅም። ስለዚህ የትርጉም ጽሑፉ «ኢንሱሌሽን» ሲል የውስጡን ይሁን የውጪውን ለይቶ መናገር አለበት።

እንግዲህ ያን መስመር እኔ ብጽፈው፦ «የመብረቅ ምት የመቋቋም ደረጃ፦ 170 ኪሎ ቮልት»። ከሥሩም፣ ተማሪ እንዳይደናገር፦ «የአሬስተሩ የመከላከያ ደረጃ፦ ከዚህ በታች መሆን አለበት»።