ውሻውን አስበላሁት

«'አበላ' እና 'አስበላ' ሁለቱም 'እንዲበላ አደረገ' ማለት አይደሉም እንዴ? አማርኛ የማስተምራት ፈረንጅ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁላት።»

እኔም እንዳንቺው መልስ ያጣሁበት ቀን ነበር፣ እህቴ። ደብረ ማርቆስ እኛ ቤት አንድ ፈረንጅ ተከራይቶ ነበር። አማርኛ የማስለምደው እኔ ነኝ። «አስ» ማስደረጊያ ናት ብዬ ነግሬዋለሁ። አንድ ማታ ከጓሮ ገባና በኩራት «ውሻውን አስበላሁት» አለ። እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ወደ በሩ ሮጠች። «ውይ ልጄ፣ በጅብ?» ሰውየው የተረፈ እንጀራ በእጁ ይዞ ቆሟል።

«አበላሁት» ማለት ነበረበት። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ት» ማንን እንደምታመለክት እዪ። «አበላሁት» ስትይ በይው እሱ ነው። «አስበላሁት» ስትይ ግን ብዙ ጊዜ የተበላው እሱ ነው። እረኛ ተኝቶ በጉን በቀበሮ አስበላ ይባላል። በጉን ገብስ አበላ ካልን ደግሞ በጉ ጠግቧል።

ጠጣ፣ ለበሰ፣ ጎረሰም እንደ በላ ናቸው፤ አጠጣ፣ አለበሰ፣ አጎረሰ ይሆናሉ። አድራጊው ወደ ራሱ የሚያስገባቸው ወይም በላዩ የሚያደርጋቸው ነገሮች ናቸውና «አ» ትበቃቸዋለች። ተሳቢ የሌላቸው ግሶችም «አ»ን ይወዳሉ። ቡናው ፈላ፤ እህቴ አፈላች፤ እናቴ እህቴን አስፈላቻት። «አ» አድራጊ ታመጣለች፣ «አስ» አዛዥ ትጨምራለች። ፈጨ ግን ከመነሻው አድራጊ ስላለው ወደ «አስ» ይዘላል። እናቴ ጤፍ ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች፤ «ልታፈጭ» የሚል ጎጃሜ እስካሁን አልገጠመኝም።

ተማሪሽን የሚያደናግራት ግን በ«ሰ» የሚጀምር ግስ ነው። «ቀሚሷን አሰፋች» ብለሽ ጻፊላት። «ሰ» ላልታ ከተነበበች ቀሚሱ ጠቦ ነበር፣ አሁን ሰፊ ሆነ። ጠብቃ ከተነበበች ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ አሰፍታለች፤ «አስ» እና «ሰፋ» ተገናኝተው ሁለቱ ስ አንድ ጠባቂ ሰ ሆኑ። ፊደላችን ይህን አያሳይም። ስለዚህ ጽፈሽ ብቻ አትተዪያት፣ አፍሽን ትስማ።

«ተ»ም እንዲሁ ትደበቃለች። «ተበላ» ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች። «ይበላል» ላይ ግን የለችም፣ ቀጣዩን ፊደል አጥብቃ ጠፍታለች። በይው «ይበላል» ሲባል «በ» ትላላለች፣ ተበይው «ይበላል» ሲባል ትጠብቃለች። ተከራያችን የፋሲካ ዋዜማ ጓሮ የታሰረውን ዶሮ እያየ፣ «በ»ን አላልቶ «ዶሮው ነገ ይበላል?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ «ምን ነገ፣ ዛሬም ገብሱን ጨርሶታል» አለችው።