የአስር ዓመት ልጅ የማያቋርጥ ጭንቀት፦ ስለ ፍርሃት መሰላልና ሐሳብን ስለ መመርመር ጥያቄና መልስ

እናት፣ ከአዳማ፦ ልጄ አስር ዓመቷ ነው። ከሥራ ትንሽ ከዘገየሁ «መኪና ገጭቷት ነው» እያለች ታለቅሳለች፤ ደጋግማም ትደውላለች። የፍርሃት መሰላሉን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የፍርሃት መሰላል ማለት ልጅ የምትፈራቸውን ሁኔታዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድራ እርከን በእርከን የምትለማመድበት ዝርዝር ነው። ከእርሷ ጋር ተቀምጠው ይጀምሩ፤ ወላጅ ብቻውን የሠራውን መሰላል ልጅ አይወጣውም። የሚያስፈሯትን ሁኔታዎች ራሷ ትጻፍ፤ ለእያንዳንዱም ከ0 እስከ 10 ነጥብ ትስጥ። ለምሳሌ እናት ስልኳን ቤት ትታ ሱቅ ደርሳ ስትመለስ 3፣ እናት ከሥራ እስክትመለስ አንድ ጊዜ ብቻ መደወል 5፣ ጨርሶ ሳይደውሉ መጠበቅ 7 ሊሆን ይችላል። ለ9 ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት እንደሚዘገዩ ትወቅ፤ የትኛው ቀን እንደሆነ ግን አይንገሯት። ሁልጊዜም አብሯት የሚቆይ አዋቂ ይኑር። ከ3 ይጀምሩና ያንኑ እርከን በተለያዩ ቀናት ደጋግማችሁ ነጥቡ በግማሽ ያህል ሲወርድ ወደሚቀጥለው እለፉ። ማስጠንቀቂያዬ አንድ ነው፦ በእርከኑ ላይ ሳለች «ምንም አልሆንም» እያሉ ማረጋገጫ አይስጧት።

አያት፦ ልጅ እያለቀሰች ዝም ማለት ጭካኔ አይሆንም?

መልስ፦ ዝም በሉ አላልኩም። «እንደፈራሽ አያለሁ፤ ይህን መቻል እየተለማመድሽ ነው» ማለት ይቻላል። ማረጋገጫ ግን ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፋትና ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል፤ ልጅቷም ያረጋጋት የእናቷ ቃል እንጂ የራሷ ጽናት እንዳልሆነ ትማራለች።

አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የእኛም ልጅ እናቷ ስትዘገይ ትጨነቃለች። ሐሳቧን እንድትመረምር በየማታው አንድ ሰዓት እናወራለን፤ ይሁንና ብሶባታል።

መልስ፦ የምታደርጉት ምርመራ ሳይሆን በረጅሙ የሚሰጥ ማረጋገጫ ነው፤ በእኔ ልምድ ከሁሉ የሚበዛው ስህተትም ይኸው ነው። ምርመራው በቀን አንድ ጊዜ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል፣ በወረቀት ይደረግ፤ እርስዎ ይጠይቁ፣ እርሷ ትመልስ። እናቷ ከመምጣቷ በፊት «እስከ 12 ሰዓት ካልደረሰች ተገጭታለች» ብላ ትጻፍና ምን ያህል እንደምታምነው ከ100 ነጥብ ትስጥ፤ 80 ብትል አይከራከሯት። ቀጥሎ እናቷ በዚህ ወር የዘገየችባቸውን ቀናትና ምክንያቱን ራሷ ታስታውስ፦ ስብሰባ፣ ዝናብ፣ የመንገድ መጨናነቅ። እናቷ እንዲያ ብትዘገይባት ምን እንደምታደርግም ትጻፍ። እናቷ ስትገባ የሆነውን ከግምቱ ጎን ታስፍር። «አደጋ አይደርስም» ብላችሁ ግን ቃል አትግቡላት፤ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ታውቃለችና አታምናችሁም። የሚመረመረው የመድረሱ ዕድል ስንት እንደሆነ ነው። ግምቱ ከ80 ወደ 50 ወርዶ እርሷ ግን አሁንም የምትደውል ከሆነ የቀረው ሥራ የመሰላሉ ነው።

መምህር፦ በክፍሌ እንዳየሁት በጥልቀት መተንፈስ በቂ ነው። ከባዱንም በአንድ ጊዜ ማለፍ ይሻላል።

መልስ፦ መተንፈሱ ወደ እርከኑ ለመግባት ይረዳል። ፍርሃቱ እንዳይመጣ ለመከላከል ብላ ከተነፈሰች ግን ያዳናት ትንፋሹ ይመስላታል። ከባዱን በአንድ ጊዜ የሚያልፉ ልጆች አሉ፤ ነገር ግን መሐል ላይ አቋርጣ ከሸሸች የምትማረው መሸሽ እንደሚያድን ነው።

መምህር፦ አቋርጣ ካልሸሸችስ?

መልስ፦ ያን ጊዜ እርስዎ ትክክል ነዎት። እኔ ግን በአስር ዓመት ልጅ ላይ አልሞክረውም።

አንድ አባል፦ ልጄ ይጨነቃል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስለ ምን? መቼ? ሲጨነቅ እርስዎ ምን ያደርጋሉ? እነዚህን ሳይጽፉ መልስ የለኝም።

አንዲት እናት፦ የልጄ አባት በመኪና አደጋ ሞተ፤ እኛም መሰላሉን እንጀምር?

መልስ፦ አይጀምሩ። የእርስዎ ልጅ ጉዳይ ሐዘን ነው፤ ምናልባትም የደረሰበት ድንጋጤ ጠባሳ ይኖራል። አስቀድሞ የሕፃናት አእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። በቤት የሚደበደብ ወይም በትምህርት ቤት የሚሰደብ ልጅም እንዲሁ ነው፤ የሚያስፈራው ነገር በእርግጥ ካለ መቆም ያለበት ያ ነገር ነው።

የአዳማዋ እናት፦ መድኃኒትስ?

መልስ፦ በአሜሪካ ከ7 እስከ 17 ዓመት በሆኑ 488 ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2008 የታተመ ጥናት ንግግርና ልምምዱ ብቻ 60 በመቶ ያህሉን፣ ሰርትራሊን የተባለው መድኃኒት ብቻ 55 በመቶውን፣ ሁለቱ አንድ ላይ 81 በመቶውን እንዳሻሻሉ አሳይቷል፤ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት የተሻላቸው 24 በመቶ ነበሩ። ውሳኔው ግን የሐኪምዎ ነው፤ እኔ ስለ መጠን እዚህ አልመልስም።

መምህር፦ ጭንቀቱ ዛሬ ስለ ፈተና፣ ነገ ስለ ሕመም ከሆነ ለየትኛው መሰላል ይሠራል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የመሰላሉ ድክመትም እዚያ ነው። እኔ እርከኖቹን የምሠራው ባለማወቅ ዙሪያ ነው፦ የነገውን ፕሮግራም ሳይጠይቁ መተኛት፣ የቤት ሥራን ደግሞ ሳያዩ ማስረከብ። ባልደረቦቼ ለእንዲህ ያለው ልጅ ሐሳብን መመርመሩ ይቀድማል ይላሉ፤ እስካሁን አልተስማማንም።

የአዳማዋ እናት፦ ዛሬ ማታ ደውላ «ደህና ነሽ?» ብትለኝ አልመልስላት?

መልስ፦ አንድ ጊዜ ይመልሱላት፤ ለሁለተኛው «ወረቀትሽ ላይ ምን ጽፈሻል?» ይበሏት።