ካሴቱ ወዲያው ይጀምራል፣ ሲዲው ያስጠብቃል

«ሰላም ቤተሰብ። ሬዚደንት ኢቭል 2ን በፕሌይስቴሽን 1 ሲዲም በኒንቴንዶ 64 ካሴትም አገኘሁ። ካሴቱ ሲበራ ወዲያው ይጀምራል። ሲዲው ግን በር በከፈትኩ ቁጥር ያስጠብቀኛል። ማሽኔ ተበላሽቶ ነው? ሲዲ እንዲህ ቀርፋፋ ከሆነስ ሁሉም ለምን ወደ ሲዲ ሄደ?»

ሰላም ወንድሜ። አዲስ አበባ ጌም ቤት ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ! ልጆቹ «ማሽኑ ፈዟል፣ ሰዓታችንን በላብን» እያሉ ይጨቃጨቁኝ ነበር። በሰዓት ሲከፍሉ እውነትም ያበሳጫል። ማሽንህን ለማንም ሳትሰጥ በፊት ይህን አንብብ።

1. መጀመሪያ ጤነኛው ሎዲንግ ስንት እንደሚፈጅ እወቅ። የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ ማንበቢያ በሰከንድ 300 ኪሎባይት ገደማ ያነባል። ዋናው ሚሞሪ 2 ሜጋባይት ነው። እሱን ሙሉውን ለመሙላት ወደ 7 ሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ሌንሱ ከአንድ የዲስኩ ቦታ ወደ ሌላው ለመሄድ የሚያጠፋው ጊዜ ሳይቆጠር ነው። ካሴት ውስጥ ግን የሚሽከረከርም የሚንቀሳቀስም ነገር የለም። ቺፕ ነው፤ የተጠየቀውን ያን ጊዜውኑ ይሰጣል።

ያ በጥቁር ስክሪን ላይ ቀስ ብሎ የሚከፈተው በር ለማስፈራራት ብቻ የተሠራ እንዳይመስልህ። አንተ በሩን ስታይ ሌንሱ የሚቀጥለውን ክፍል እያነበበ ነው። ናምኮ ደግሞ በመኪና ውድድር ጌሙ በሪጅ ሬሰር ሌላ ዘዴ አመጣ። ሎድ እስኪያደርግ ትንሽ የጠፈር መርከብ ጌም ያጫውትሃል። ከዚያ በኋላ ጌሙ ሚሞሪ ላይ ስለሚቀመጥ ሲዲውን አውጥተህ የራስህን የሙዚቃ ሲዲ ብታስገባ በሱ ትነዳለህ። እኔ በአማርኛ ዘፈን ነድቼበታለሁ፣ ጌም ቤቱ በሳቅ ፈርሶ ነበር።

እንግዲህ ፈተናው ይኸውልህ። አንዱን በር ደጋግመህ ክፈት። ጊዜው ሁልጊዜ ተመሳሳይ ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ ጌሙ ራሱ እንደዚያ ነው። አንዴ ቶሎ፣ አንዴ በጣም ዘግይቶ ከገባ ግን ሌንሱ እየፈለገ አጥቷል። በሌላ ንጹሕ ሲዲም ሞክረው፤ የተጫረ ዲስክም ይህንኑ ያደርጋል። ሌላው ምልክት ቪዲዮው ነው። የመግቢያው ፊልም ከተቆራረጠና ድምፁ ከዘለለ ሌንሱ ደክሟል። ቪዲዮ ሳያቋርጥ መነበብ ስላለበት ድካሙ እዚያ ላይ ቀድሞ ይታያል።

2. ለጠጋኝ ስትሰጥ ተጠንቀቅ። እዚህ ላይ ልቤ አሁንም ይቃጠላል። የእኛ ማሽን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፣ ከታች SCPH-1001 የሚል የተጻፈበት። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውየው ክዳኑን እንኳ በወጉ ሳያይ «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ጣለው» አለኝ። ቦርዱ ተቃጥሎ ኖሮ እንዴት ሜኑው ይከፈታል ብዬ ብጠይቀው «አንተ ነህ ጠጋኙ ወይስ እኔ?» ብሎ አመናጨቀኝ። የማየት ሂሳብ ብሎም አስከፍሎኛል! ቤት ወስጄ ራሴ ፈታሁት። የእነዚያ የመጀመሪያ ማሽኖች ሌንስ የሚንሸራተተው በፕላስቲክ ላይ ነው፣ የኃይል ክፍሉም አጠገቡ ሆኖ ያሞቀዋል። ፕላስቲኩ ሲበላ ሌንሱ ያዘነብላል፣ ማንበብ ያቅተዋል። ማሽኑን ገልብጠን ወይም በጎኑ አቁመን ስናስነሳው አነበበ። ብዙ ሰው ያኔ ገልብጦ የሚጫወተው ለዚህ ነበር። ዘላቂ መፍትሔ አይደለም፣ በኋላ ሌንሱን ቀይሬዋለሁ። በኋላ የወጡት ሞዴሎች ላይ ሌንሱን ከሙቀቱ አርቀውታል። ስለዚህ የአንተ የትኛው እንደሆነ ከታች አንብብ።

3. ለምን ወደ ሲዲ ሄዱ ላልከው፣ በእጅህ ያለው ጌም ራሱ መልሱን ይዟል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ሲዲው ሁለት ዲስክ ነው፤ ከጌሙ ሁለት ዋና ገጸ ባሕሪያት አንዱ የሊዮን፣ ሌላው የክሌር። አንድ ሲዲ እስከ 650 ሜጋባይት ይይዛል። ካሴቱ 64 ሜጋባይት ነው። ለኒንቴንዶ 64 ከተሠሩት ካሴቶች ትልቁ መጠን እሱ ነው፣ ሱፐር ማሪዮ 64 እኮ 8 ሜጋባይት ብቻ ነበር።

በእርግጥ ሁለት ዲስክ ስላለ ሁለት እጥፍ ጌም አለው ማለት አይደለም። ብዙው ሥዕልና ድምፅ በሁለቱም ላይ ተደግሟል። ሲዲ ላይ ቦታ ርካሽ ስለሆነ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መጻፍ ምንም አያስወጣም። ካሴት ላይ ግን እንዲህ ያለ ቅንጦት የለም። በ1999 ይህን ካሴት የሠሩት አንጀል ስቱዲዮስ የተደጋገመውን አውጥተው፣ የጀርባ ሥዕሎቹን ጨምቀው፣ ድምፁን ቀንሰው አስገቡት። ቪዲዮው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፕሌይስቴሽን ቪዲዮ የሚፈታ የራሱ ክፍል አለው፣ ኒንቴንዶ 64 የለውም፤ በፕሮግራም ነው የፈቱት። ለዚህ ነው ካሴቱ ላይ ፊልሞቹ የደበዘዙት። ካሴትህ ፎርጅድ መስሎህ እንዳትመልሰው፣ ኦሪጅናሉም እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሲዲ ማተም ርካሽ ፕላስቲክ ላይ እንደማተም ነው፣ አንዱ ዲስክ ያኔ ከ1 ዶላር ብዙም አይርቅም ነበር። ካሴት ግን በውስጡ ቺፕ አለ፣ ሜጋባይቱ ሲጨምር ዋጋውም ይጨምራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ትዕዛዙ ነበር። የጌም አሳታሚው ካሴቱን በብዛት አስቀድሞ ከኒንቴንዶ ያዝ፣ ይከፍል፣ ሳምንታት ይጠብቅ ነበር። ብዙ አዞ ካልተሸጠለት ዕቃው መጋዘን ውስጥ ይቀርበት ነበር። ጥቂት አዞ ካለቀበት ደግሞ አዲሱ እስኪመጣ ገበያው ይቀዘቅዝ ነበር። በሲዲ ግን ትንሽ አትሞ ገበያውን ያይና፣ ከተፈለገ በቀናት ውስጥ ይደግም ነበር።

ልዩነቱ በመሸጫ ዋጋ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጃፓን ውስጥ ሱፐር ማሪዮ 64 በ1996 ሲወጣ 9,800 የን ነበር። ፋይናል ፋንታሲ 7 በ1997 በሦስት ሲዲ ወጥቶ 6,800 የን ነው የተሸጠው። ሦስት ዲስክ ከአንድ ካሴት ረከሰ! ይህን ጌም የሠራው ስኩዌር ለዓመታት ከኒንቴንዶ ጋር ሠርቶ ወደ ሶኒ የሄደው ወዶ አይደለም፣ ያንን ሁሉ ቪዲዮ የት ያስገባው?

ግን ሲዲ ሥራ አረከሰ የሚሉ ሰዎች አይገባኝም። የረከሰው ማተሙ ነው። ያንን 650 ሜጋባይት የሚሞላው ሰው ነው፤ ሠዓሊ፣ አኒሜተር፣ ድምፅ የሚሰጥ። ፋይናል ፋንታሲ 7 ላይ ከ100 ሰው በላይ ሠርቷል። በካሴት ዘመን ጥቂት ሰዎች ትልቅ ጌም ያወጡ ነበር።

ለእኛ አገር ደግሞ ይህ ርካሽነት ሌላ በር ከፈተ። ካሴት መገልበጥ ለተራ ሰው የማይሞከር ነበር። ሲዲ ግን ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ገለበጠው፣ ማሽኑ ላይ የተገለበጠ ሲዲ የሚያስነብብ ቺፕ ከተገጠመ ያነበዋል። የጌም ቤታችን መደርደሪያ በእንዲህ ዓይነት ሲዲ ነበር የሞላው። የተገለበጠ ዲስክ ከኦሪጅናሉ ይልቅ ለማንበብ ስለሚከብድ የደከመውን ሌንስ የበለጠ ያስቸግረዋል። የአንተ ሲዲ የተገለበጠ ከሆነ በሩ ላይ ያለው መዘግየት ከእሱም ሊሆን ይችላል። ጀርባውን ገልብጠህ እየው። የፕሌይስቴሽን 1 ኦሪጅናል ዲስክ ጀርባው ጥቁር ነው። ብርማ ወይም አረንጓዴ ቀመስ ከሆነ መጀመሪያ በኦሪጅናል ሞክር፣ ከዚያ የበሩን ፈተና ድገመው። የሚወስደውን ሰከንድና ከማሽኑ ሥር ያለውን ቁጥር ጻፍልኝ፣ ሌንስ መቀየር ያስፈልግ እንደሆነ እነግርሃለሁ።